በጋዝ ስሌት ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጠነ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 40 ከወጣ እጥፍ ሆኗል። ግፊቱም እጥፍ ይሆናል።»

አይሆንም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት አይደለም። በዜሮ ዲግሪም የጋዝ ሞለኪውሎች በከፍተኛ ፍጥነት እየተወረወሩ የያዛቸውን ዕቃ ግድግዳ ይመታሉ። ግፊት የምንለው ይህንኑ ምት ነው። የአይዲያል ጋዝ፣ ማለትም የጋዝ ቀመሮችን ሙሉ በሙሉ የሚከተል ምናባዊ ጋዝ፣ ግፊቱ ዜሮ የሚሆነው ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ላይ ነው። ኬልቪን መቁጠር የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በሴልሺየስ የተሰጠን ቁጥር ላይ 273 የምንደምረው ለዚህ ነው። ነጥብ 15ቷን ብንተዋት ለአብዛኛው ጥያቄ ለውጥ አታመጣም።

እንግዲህ 20 ዲግሪ 293 ኬልቪን፣ 40 ዲግሪ ደግሞ 313 ኬልቪን ነው። 313 ለ293 ሲካፈል 1.07 ገደማ ይመጣል። ይዘቱ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ 100 ኪሎፓስካል የነበረው ግፊት ወደ 107 ከፍ ይላል፤ በቃ። እጥፍ እንዲሆን ጋዙ 586 ኬልቪን፣ ማለትም 313 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት።

«በቀመሩ በሁለቱም በኩል ሴልሺየስ ካስገባሁ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሊትርም እኮ ሳይቀየር ይሠራል።»

የሊትሩ ነገር ልክ ነው። ሊትርን ወደ ሜትር ኪዩብ የምንቀይረው በማካፈል ስለሆነ ከላይም ከታችም ያው ቁጥር ይገባና ይጣፋል። ኬልቪን ግን የሚገኘው በመደመር ነው። የተደመረ ቁጥር በማካፈል አይጣፋም።

ይህን ፍንትው አድርጎ የሚያሳየው ወደ ላይ የሚወጣ የአየር ሁኔታ መለኪያ ፊኛ ነው። መሬት ላይ ይዘቱ 2 ሜትር ኪዩብ፣ ግፊቱ 100 ኪሎፓስካል፣ መጠነ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው እንበል። ከፍታው ላይ ሲደርስ ግፊቱ ወደ 25 ኪሎፓስካል፣ መጠነ ሙቀቱ ወደ −48 ዲግሪ ወርዷል። P ግፊት፣ V ይዘት፣ T በኬልቪን የተለካ መጠነ ሙቀት ይሁን፤ 1 የመሬቱን፣ 2 የከፍታውን ያመለክታል። ጋዙ ካላፈተለከ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
P1·V1/T1 = P2·V2/T2
V2 = V1 × (P1/P2) × (T2/T1)
```

መጀመሪያ መጠነ ሙቀቶቹን እንቀይር። 27 ሲደመር 273፣ 300 ኬልቪን ነው። −48 ሲደመር 273 ደግሞ 225 ኬልቪን። ከዚያ ቁጥሮቹን እናስገባ፦

```
V2 = 2 × (100/25) × (225/300)
V2 = 2 × 4 × 0.75 = 6
```

መልሱ 6 ሜትር ኪዩብ ነው። በሴልሺየስ የሠራ ሰው ግን −14 ገደማ ያገኛል። ከዜሮ በታች የሆነ ይዘት የለም፤ ስለዚህ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። የሚያሳስበኝ ሁለቱም መጠነ ሙቀቶች ከዜሮ በላይ ሲሆኑ ነው። ያኔ የተሳሳተው መልስ ትክክል መስሎ ያልፋል።

«ፊኛው ከቀዘቀዘ መጠኑ መቀነስ አለበት።»

ግፊቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ አዎ። እዚህ ግን ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል። የግፊቱ መቀነስ ፊኛውን 4 እጥፍ ሊያሰፋው ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ወደ 0.75 ያሳንሰዋል። ግፊቱ አሸነፈና ፊኛው 3 እጥፍ ሆነ። ቀመሩን ከላይ እንዳደረግነው በሁለት ክፍልፋዮች ለያይቶ መጻፍ የምወደው ለዚህ ነው። ግፊት ከቀነሰ የግፊቱ ክፍልፋይ ከ1 መብለጥ አለበት። ከቀዘቀዘ የመጠነ ሙቀቱ ክፍልፋይ ከ1 ማነስ አለበት። አንዱ ከተገለበጠ፣ ካልኩሌተር ሳይነካ ዓይን ይይዘዋል።

«የጎማው ጌጅ 200 ኪሎፓስካል ካሳየ P1 ማለት 200 ነው። በ30 ዲግሪ ከሞቀ ደግሞ 303 ኬልቪን ጨመረ ማለት ነው።»

ሁለቱም ቁጥሮች የተወሰዱት ከተሳሳተ ዜሮ ነው። የጎማ ጌጅ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጪው አየር 100 ኪሎፓስካል ከሆነ፣ በጎማው ውስጥ ያለው ሙሉ ግፊት 300 ነው። ቀመሩ የሚፈልገው ይህንን ነው።

የ30 ዲግሪ ጭማሪ ደግሞ በኬልቪንም 30 ነው። የአንዱ ዲግሪ ስፋት ከሌላው ጋር እኩል ስለሆነ 273 የሚደመረው በመጠነ ሙቀቱ ላይ እንጂ በልዩነቱ ላይ አይደለም። ጎማው 27 ዲግሪ ከነበረ፣ ከ300 ወደ 330 ኬልቪን ወጣ። የጎማው ይዘት ብዙም ስለማይለወጥ ቋሚ ነው እንበል፦

```
P2 = 300 × (330/300) = 330
```

ጌጁ ላይ የሚነበበው ከዚህ 100 ተቀንሶ 230 ኪሎፓስካል ነው። 200ን በቀጥታ ያስገባ ሰው 220 ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በመሃል አየር ካልተጨመረ ወይም ካልተነፈሰ ነው። የጋዙ ብዛት ራሱ ከተለወጠ ይህን ቀመር ትተን `PV = nRT`ን ለእያንዳንዱ ሁኔታ ለየብቻ መጻፍ ይኖርብናል፤ n የጋዙ ብዛት በሞል፣ R ደግሞ የማይለወጥ ቁጥር ነው።