"ካይንድሊ ሪቨርት" ምንድን ነው? በሱ ፈንታስ ምን ብንጽፍ ይሻላል?

ኤክስፖርት ላይ የምትሰሩ ይሄን ኢሜይል ሳታውቁት አትቀሩም፦ "ፕሊስ ፋይንድ ሂርዊዝ አታችድ ዘ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ፎር ዩር ካይንድ ፐሩዛል፣ ካይንድሊ ሪቨርት አት ዘ ኧርሊየስት።" ሲያዩት ትልቅ ቢሮ የጻፈው ይመስላል፣ ግን ገዢው ምን እንዲያደርግ፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ የትም ቦታ አልተጻፈም።

"ሪቨርት" ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ሰው ወደነበረበት መመለስ ማለት ነው። "መልስ ስጡኝ" ለማለት በብዛት የሚጠቀሙበት ህንድ፣ ሲንጋፖርና ማሌዥያ ያሉ ቢሮዎች ናቸው፣ እዛ የተለመደ የስራ ቋንቋ ስለሆነ ማንም ግር አይለውም፣ ሀምቡርግ ያለ ቡና ገዢ ግን ምኑን ነው የምመልሰው ሊል ይችላል። "ሂርዊዝ" ደግሞ "ከዚህ ጋር" ነው፣ "አታችድ" ካላችሁ በኋላ ምንም አይጨምርም። እኛ ጋር ቶሎ የተለመደው "ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን" የሚለውን የመስሪያ ቤት አጻጻፍ ስለለመድን ይመስለኛል።

"ካይንድሊ" ብቻውን ስህተት አይደለም። ችግሩ አጭበርባሪ ኢሜይሎች ደጋግመው ይጠቀሙበታል፣ ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ የባንክ አካውንት ቁጥር አለ፣ እና ከማያውቀው ላኪ እንዲህ ያለ መልእክት አካውንት ቁጥር ይዞ ሲመጣለት ገዢው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

እስቲ ያንኑ ኢሜይል እናስተካክለው። የተላከው ምንድን ነው? የአንድ ኮንቴይነር ፕሮፎርማ፣ ማለትም 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ሲዳማ ግሬድ 2። የሚፈለገውስ? ዋጋውን እንዲያጸድቅ፣ እስከ ሐሙስ፣ ምክንያቱም መርከብ ላይ ቦታ የምንይዘው አርብ ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ይሄንኑ መጻፍ ነው፣ የ320 ጆንያ ሲዳማ ግሬድ 2 ፕሮፎርማ አታች አድርገናል፣ ከዛ "ፕሊስ ኮንፈርም ዘ ፕራይስ ባይ ተርስዴይ"፣ ከዛ አርብ ቦታ እንደምንይዝ። ከሐሙስ ጋር ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በስሙ ጻፉት፣ 5/6 ካላችሁ አውሮፓ ያለው ጁን 5 ብሎ ሲያነበው አሜሪካ ያለው ሜይ 6 ይለዋል።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲያጥር ድፍረት እንዳይመስል ይፈራል፣ ግን "ፕሊስ" እና "ታንክ ዩ" እስካሉ ድረስ አክብሮቱ አለ፣ ለገዢው ደግሞ ጊዜውን አለማባከን ራሱ ማክበር ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው ግን ለኢሜይሉ ነው። ክፍያው በኤልሲ ከሆነ ለባንክ በሚቀርበው ኮሜርሺያል ኢንቮይስ ላይ የእቃው መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት፣ ባንክ የሚያየው ወረቀቱን ስለሆነ ካልገጠመ ዲስክረፓንሲ ብሎ ክፍያ ሊይዝባችሁ ይችላል፣ ስለዚህ እዛ ላይ አረፍተ ነገሩ ቢንዛዛም አታሳጥሩት፣ እንዳለ ገልብጡት።