«አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ይይዛል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ጀልባዎች ጋር የሚሠሩ ሰዎች ለደንበኛ የሚመልሱት አሁንም በአብዛኛው በተራ ሜሴጅ ነው። ደሴት ላይ ወይም መንገድ ላይ ያለ ሰው ዳታ ሁልጊዜ አያገኝም፣ ሜሴጁ ግን ይደርሰዋል። ስለ ሜሴጅ ደጋግሜ የምሰማቸውን አራት ነገሮች እነሆ።

«አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ይይዛል፤ ምን ያስጨንቃል?»

ይህ ለላቲን ፊደል ነው። አንድ ሜሴጅ የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። የላቲን ፊደላት ተጠቅጥቀው ስለሚገቡ 160 ይሆናሉ። የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም፣ አዲስ መስመር መጀመሩም ይቆጠራል። ኢሞጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የ2 ፊደል ወይም ከዚያ በላይ ቦታ ይበላል። በላቲን የተጻፈ ረጅም መልእክት መጨረሻ ላይ «እናመሰግናለን» ብላችሁ በአማርኛ ብትጨምሩ፣ ያቺ አንድ ቃል ሙሉውን መልእክት ወደ 70 ታወርደዋለች። በዚህ ምክንያት አንዱ ሜሴጅ ሦስት ሆኖ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

«እንግዲያው በላቲን መጻፍ ነዋ! ከእጥፍ በላይ ይይዛል።»

ያን ያህል አይደለም። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ለምሳሌ ይህን መልስ እዩት፦

```
የዘጌ ጀልባ አለ። ጠዋት 2:00 ከወደቡ ይነሳል፣ 9:00 ይመለሳል። 1:40 ላይ በሩ ጋ ይጠብቁን።
```

ከነክፍት ቦታው 63 ነው። ያንኑ በላቲን ስጽፈው 90 ገደማ ይወጣል። ላቲን አሁንም ትርፍ ቦታ አለው፣ ግን «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት አንባቢው መገመት አለበት፤ የጀልባ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ግምት ውስጥ መግባት የለበትም። እኔ በፊደላችን ጽፌ ማሳጠሩን እመርጣለሁ።

«ቢረዝምም ስልኩ ራሱ ይገጣጥመዋል።»

ይገጣጥመዋል፣ ሁሉም ክፍል ከደረሰ። መልእክቱ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል የስንተኛ ቁጥሩን ስለሚይዝ የሚቀረው 67 ፊደል ነው፣ ሒሳቡም በየክፍሉ ይቆጠራል። ኔትወርክ ሲያስቸግር አንዱ ክፍል ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል። አንዳንድ ስልክ የደረሰውን ብቻ ያሳያል፣ ሌላው እስኪሟላ ይጠብቃል። ማሳወቂያው ላይ የሚታየው ደግሞ መጀመሪያው ብቻ ነው።

የአማርኛ ችግር እዚህ ላይ ይብሳል፤ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን እዩ፦

```
ነገ ጠዋት 2:00 ወደ ዘጌ ሊነሳ የነበረው ጀልባ በሐይቁ ላይ በተነሳው ከባድ ንፋስ ምክንያት እና ለተሳፋሪዎች ደህንነት ሲባል አይነሳም።
```

ከ70 ስላለፈ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል «ለተሳፋ» ላይ ይቆረጣል። «አይነሳም» የምትለዋ፣ ሰውየው ከአልጋው ይነሳ አይነሳ የምትወስነው ቃል፣ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ቀረች። መፍትሔው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ሰባብሮ ውሳኔውን ፊት ማምጣት ነው፦

```
ነገ የዘጌ ጀልባ አይነሳም። ሐይቁ ላይ ከባድ ንፋስ አለ። ከነገ ወዲያ ጠዋት 2:00 ይነሳል።
```

59 ሆነ። ምክንያቱ አልጠፋም፣ ቦታውን ብቻ ቀየረ። «ጤና ይስጥልኝ ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ጥያቄዎ በጣም እናመሰግናለን።» ብትሉ ግን 41 ሄደ፣ መልሱ ገና አልተጀመረም። አክብሮቱን «ይጠብቁን» ውስጥ ያለችው አንቱታ ትወጣዋለች። ጉዳዩ በእርግጥ ሁለት ሜሴጅ ከፈለገ ለየብቻ ላኳቸው፣ እያንዳንዱም ብቻውን ቢነበብ ትርጉም ይስጥ። «ዘጌ» የሚለውን ስምም በሁለቱም ላይ ጻፉት፤ ሰውየው ሦስት ባለ ጀልባ ጠይቆ ሊሆን ይችላል።

«ቴሌግራም ላይ ያለውን ኮፒ አድርጌ ብልከውስ?»

ያደመቃችሁት ቃል ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ ዙሪያውን ኮከቦች ተደርድረውበት ይመጣል። በአምድ የተሠራ የዋጋ ሠንጠረዥ እንደ አንድ ወጥ ጽሑፍ ይዝረከረካል፤ የትኛው ዋጋ የየትኛው ደሴት እንደሆነ አይለይም። ሜሴጅ ላይ የሚያደምቀው ቦታ ነው፤ ዋናውን ነገር ቀድማችሁ ጻፉት። ለሠንጠረዡ ደግሞ ስሙንና ዋጋውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ መስመር አንድ ቦታ ጻፉ። ዝርዝሩ ከአራት መስመር ካለፈ ሰውየው የሚሄድበትን ቦታ ዋጋ ብቻ ላኩለት። የሌላውን ከፈለገ ይጠይቃል።