ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ ነው ወይስ የአስተዳደር?

የበጎ አድራጎት ድርጅት ወጪ ሲመደብ ግራ የሚያጋባው ሁለት ጥያቄ በአንድ ዝርዝር መደባለቁ ነው። ደመወዝ፣ ኪራይና ትራንስፖርት ገንዘቡ ምን እንደተገዛበት ይናገራሉ፤ ፕሮግራም፣ አስተዳደርና ገቢ ማሰባሰብ ደግሞ ለምን ዓላማ እንደዋለ። የመጀመሪያዎቹን በረድፍ፣ ሁለተኛዎቹን በዓምድ አስቀምጧቸው።

ለምሳሌ የአስተባባሪዋ የዓመት ደመወዝ 120,000 ነው እንበል። ከሥራ ሰዓቷ 70 በመቶው ለሥልጠና ፕሮግራሙ፣ 20 በመቶው ለአስተዳደር፣ 10 በመቶው ለገቢ ማሰባሰብ ከዋለ፣ ያው አንድ ረድፍ በዓምዶቹ ሥር 84,000፣ 24,000 እና 12,000 ይሆናል። ከታች “ሥልጠና 84,000” የሚል ረድፍ ከተጨመረ ግን ያው ገንዘብ ሁለቴ ይቆጠራል። የረድፎቹና የዓምዶቹ ድምር እርስ በርሱ ስለሚስማማ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል፤ የሚጋለጠው “ይህ ረድፍ ምን ይገዛል?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ክፍፍሉ 100 በመቶ መሙላቱ የትም ግዴታ ነው። አስተዳደር የሚባለውና ጣሪያው ግን እንደየአገሩ ሕግና እንደየለጋሹ ውል ይለያያል፤ ስለዚህ የክፍፍሉን መነሻ በማስታወሻ ጻፉት።