የፊት መብራት መልእክት መጣ? ብዙ ብር ከመክፈልዎ በፊት

«ዳሽቦርዱ ላይ AFS ብልጭ ድርግም ካለ የፊት መብራቱ ሞቷል።»

ብዙ ጊዜ መብራቱ ደህና ነው። AFS መሪ ሲዞር ብርሃኑን ወደ ኩርባው የሚያዞር ሲስተም ነው። ለዚህም የመሪውን ዙርና የመኪናውን ፍጥነት ማወቅ አለበት። ከኋላ ሲጫን ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይነሳ ደግሞ የኋላውን ከፍታ ይለካል። ከነዚህ አንዱ መረጃ ሲቋረጥ መልእክቱን ያወጣል፤ መብራቱን ግን ቀጥ አድርጎ ያበራዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከአጋሮ መልስ ይህን መልእክት ይዞ መጣ። ሌላ ጋራዥ «ሁለቱም የፊት መብራት ይቀየር» ብለውታል። መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁመን መብራቱን አበራን። ሁለቱም ይበራሉ። ከኋላ ጎማው ሥር ገብቼ ሳይ፣ የከፍታ ሴንሰሩን ከጎማው ክንድ ጋር የምታያይዘው እርሳስ የምታህል ዘንግ ከጫፏ ተነቅላ፣ ጭቃ ለብሳ ተንጠልጥላለች። ዘንጓን ቀየርን። ከዚያ መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁመን በስካነር ከፍታውን ዜሮ አደረግን። መልእክቱ ጠፋ። ዜሮ ማድረጉን መዝለል አይቻልም። ከተዘለለ ብርሃኑ ወይ እግርዎ ሥር ይቀራል፣ ወይ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

«አምፖል አይደል እንዴ? ለምን ይሄ ሁሉ ብር?»

ኤች ሰባት የሚባለው አምፖል መጠኑ በዓለም ሁሉ አንድ ነው። ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፣ ብዙ ዓይነት መኪና ላይ ይገባል፣ ጅማም ከሱቅ ይገዛል። የኤልኢዲ ሞጁል እንዲህ አይደለም። መብራቶቹ ሰሌዳው ላይ በብየዳ ተያይዘዋል፤ ሙቀት የሚያወጣ ብረት፣ አንዳንዴም ፋን አለው። ሌንሱ ፊት የሚቀመጠውም በጥቂት የሚሊሜትር ክፍልፋይ ተለክቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሞዴል ብቻ ስለሚሠራ የሌላ መኪና አይገባበትም። አንዳንዱ መኪና ላይ ደግሞ አዲሱ ሞጁል በስካነር ካልተመዘገበ አይሠራም። ብዙዎቹ የፊት መብራቶች በማጣበቂያ የታሸጉ ስለሆኑ ውስጡን ብቻ የሚሸጥልዎ አያገኙም።

«ኤልኢዲው ከጠፋ ሙሉውን ከመቀየር ሌላ መላ የለም።»

ብዙ መኪና ላይ ለኤልኢዲው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመጥነው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከመብራቱ ሥር በብሎን ይታሰራል። የጅማ ዝናብ ገብቶ የሚጠራቀመውም እዚያው ታች ነው። መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልትና ኔጋቲቩ መኖራቸውን ያስለኩ። ካሉ ድራይቨሩ ይፈታ። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ተጠርጣሪው ተገኘ ማለት ነው። የግራና የቀኙ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ቦታ ይለዋወጡ። የጠፋው ጎን በርቶ ደህናው ከጠፋ፣ የሚገዛው ድራይቨሩ ብቻ ነው። የጠፋው ጎን እንደጠፋ ከቀረ ግን ችግሩ ሞጁሉ ራሱ ነው፤ ያኔ ወጪው አይቀርም። ውሃው የገባበት ስንጥቅ ወይም ክዳን ሳይደፈን ግን አዲሱን አያስገቡ፤ እሱም ያንኑ ውሃ ይጠጣል።