የኋሊት ቢጋር፦ በግለ ታሪክ ረቂቅ ውስጥ ድርጊትንና ማሰላሰልን መለየት

የኋሊት ቢጋር ተጽፎ ካለቀ ረቂቅ ላይ የሚወጣ የአንቀጾች ዝርዝር ነው። በትምህርት ቤት የሚታወቀው ቢጋር ከጽሑፉ ቀድሞ የሚነደፍ ሲሆን፣ ይህኛው ጸሐፊው ሊል ያሰበውን ትቶ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ይመዘግባል። በግለ ታሪክ ላይ ሲሠራበት፣ ተራኪው የሆነውን ብቻ የተናገረባቸውንና ስለሆነው ነገር ያሰበባቸውን ቦታዎች ለይቶ ያሳያል።

አንቀጾቹ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በእያንዳንዳቸው ትይዩ፣ በኅዳጉ ላይ፣ ፍሬ ነገራቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከዚያ ድርጊት ብቻ የያዘው «ድ»፣ ማሰላሰል ያለበት «ማ» ይባላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጠቃለል ያለ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉዳይ የተጫነበት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ከሰፈሯ የተነሳች አንዲት ሴት 12 አንቀጽ ያለው ትዝታ ጽፋለች እንበል። ቤት የመልቀቁ ወሬ ይሰማል፣ ዕቃ ይጫናል፣ በ6ኛው አንቀጽ ቁም ሳጥኑ በበሩ አልወጣ ብሎ ይፈታል፣ እናቷም ብሎኖቹን በመሐረብ ቋጥራ ትይዛለች። እስከ 10ኛው ድረስ ኅዳጉ ላይ «ድ» ብቻ ይደረደራል፤ ሁለቱ «ማ»ዎች መጨረሻ ላይ ተከማችተዋል። እንዲህ ያለው ማሰላሰል ከወለደው ትዕይንት ስለራቀ ስብከት ይመስላል።

በምልክት አሰጣጡ ላይ የሚያሳስተው የስሜት ቃል ነው። 6ኛው አንቀጽ «በጣም አዘንኩ» ስላለ ብቻ «ማ» አይሆንም፤ ሐዘኑም የዚያን ቀን ድርጊት ነውና። ማሰላሰል የሚታወቀው የዛሬዋ ተራኪ የዚያን ቀኗን ስትመለከት ነው፦ «ብሎኖቹን መያዟ እልኸኝነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እናቴ ቤት የምትለው መልሶ የሚገጠም ነገር ነበር።» ይህ ዓረፍተ ነገር 11ኛው አንቀጽ ውስጥ ከተገኘ፣ ቦታው ከ6ኛው ቀጥሎ ነው፤ የቀረው የ11ኛው ክፍል ቢሰረዝ ብዙም አይጎድልም።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ «ድ» የራሱ «ማ» ይከተለው ማለት አይደለም። የዕቃ ጭነቱ አንቀጾች ሳይቋረጡ ቢፈሱ ይሻላቸዋል። ምልክቱ ጸሐፊዋ መርጣ ባስገባቻቸው ጥቃቅን ነገሮች ውስጥ የተደበቀን ሐሳብም አያይም፤ አንዳንድ አንባቢ መሐረቡ ብቻውን በቂ ነው ሊል ይችላል፣ ክርክሩም ተገቢ ነው።

ጸሐፊ የራሱን ረቂቅ ሲያነብ የጎደለውን ከትዝታው ይሞላል። ስለዚህ አራት ኪሎ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ ሁለት ቅጂ አሳትሞ አንዱን ታሪኩን ለማያውቅ ሰው መስጠትና ሁለቱን ኅዳጎች ማስተያየት ይመከራል። ጸሐፊዋ «ማ» ያለችውን አንባቢው «ድ» ካለው፣ ሐሳቡ ገና ወረቀት ላይ አልወረደም።