ስቴትመንት ላይ በየመስመሩ የሚቀያየረው ባላንስ ምንድን ነው? (ያላወቃችሁት ተቀናሽስ ከየት መጣ?)

አካውንት ከከፈቱ ብዙም ያልቆዩ ሰዎች ስቴትመንት ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር መሃል ላይ ያለውን መግለጫ ለማንበብ መታገል ነው፣ እዛ ደግሞ ግማሹ አህፅሮት ግማሹ ቁጥር ስለሆነ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይሰለቻቸውና ይዘጉታል። እኔ ምመክረው ግን ከመጨረሻው ኮለም መጀመር ነው፣ ባላንስ ወይም ቀሪ ሂሳብ ከሚለው። እሱ ከገባችሁ ሌላው በራሱ ይፈታል።

በየመስመሩ ያለው ባላንስ ማለት ያ መስመር ከተመዘገበ በኋላ አካውንቱ ላይ የቀረው ገንዘብ ነው። የላይኛውን መስመር ባላንስ ትይዛላችሁ፣ ወጪ ከሆነ ትቀንሳላችሁ፣ ገቢ ከሆነ ትደምራላችሁ፣ የአሁኑ መስመር ባላንስ ይመጣል፣ በቃ። እስቲ አንድ ወር እንይ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ ናቸው)።

| ቀን | መግለጫ | ወጪ | ገቢ | ባላንስ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | መነሻ ቀሪ | | | 8,400 |
| 3 | ኤቲኤም | 1,000 | | 7,400 |
| 3 | የኤቲኤም ኮሚሽን | 10 | | 7,390 |
| 5 | ካርድ፣ ሰብስክሪፕሽን | 250 | | 7,140 |
| 8 | ደሞዝ | | 6,000 | 13,140 |
| 12 | ካርድ፣ የማይታወቅ ስም | 1,340 | | 11,800 |
| 15 | ቋሚ ትእዛዝ ወደ ቁጠባ | 2,000 | | 9,800 |
| 19 | ካርድ፣ ግዢ | 600 | | 9,200 |
| 19 | ካርድ፣ ግዢ | 600 | | 8,600 |
| 21 | ሪቨርሳል | | 600 | 9,200 |
| 25 | ካርድ፣ ሌላ የማይታወቅ ስም | 5 | | 9,195 |
| 30 | ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ | 25 | | 9,170 |

አንዳንድ ባንክ ወጪና ገቢ ከማለት ዴቢትና ክሬዲት ይላል፣ ዴቢት ሲል ከናንተ ወጣ ክሬዲት ሲል ወደናንተ ገባ ማለት ነው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው ተገላቢጦሽ ነው እንዴ ሊል ይችላል፣ ግን ስቴትመንቱ የተፃፈው በባንኩ በኩል ቆሞ ነው፣ የናንተ ብር ለሱ እዳ ስለሆነ ሲጨምር ክሬዲት ይለዋል።

አሁን ማረጋገጫው፣ መነሻው 8,400፣ ገቢው ሁሉ ሲደመር 6,600፣ ወጪው ሁሉ ሲደመር 5,830፣ ስለዚህ 8,400 ሲደመር 6,600 ሲቀነስ 5,830 = 9,170፣ ከመጨረሻው መስመር ጋር አንድ ነው። ልክ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ባንኩ ተሳስቶ ሳይሆን አንድ ገፅ ጎድሏችሁ ነው ወይ ደሞ ከታች ወደላይ ማንበብ የነበረባችሁን ከላይ ወደታች እያነበባችሁ ነው። አፕ ላይ አዲሱ ከላይ ስለሚመጣ ድምሩ የሚሄደው ከታች ወደላይ ነው፣ ይሄን ያላወቀ ሰው ብር ገብቶ ባላንሱ ቀነሰ ብሎ ይደነግጣል። በነገራችን ላይ የዚህ ወር መነሻ ካለፈው ወር መጨረሻ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ካልሆነ መሃል ላይ የተዘለለ ቀን አለ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ስቴትመንቱ ላይ ያለው ባላንስና አፑ ላይ "መጠቀም የሚቻለው" ወይም አቬይለብል ባላንስ ብሎ የሚያሳያችሁ አንድ ላይሆን ይችላል። በካርድ ስትከፍሉ ገንዘቡ መጀመሪያ ይያዛል (ሆልድ ይሉታል)፣ ከዛ ነጋዴው ሂሳቡን ሲልክ ነው በትክክል የሚቀነሰው፣ ይሄ አንድ ሁለት ቀን ወይም ከዛም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዛ መሃል አፑ ላይ ገንዘቡ የሄደ ይመስላል ስቴትመንቱ ላይ ግን ገና አልተፃፈም። ሆቴልና የመኪና ኪራይ ላይ ደግሞ የሚያዘው ከምትከፍሉት በላይ ሊሆን ይችላል፣ ትርፉ በኋላ ይለቀቃል እንጂ እንደ ገቢ ተመልሶ አይፃፍም፣ ስለዚህ "ተመላሽ አልመጣልኝም" ብላችሁ ስቴትመንት ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ወደ ተደጋጋሚ ተቀናሾች እንሂድ። ሰው ሁሉንም "ባንኩ ይቆርጥብኛል" ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ግን ማን እንዳዘዘው ካልለያችሁ ማስቆም አትችሉም። ከላይ ባለው ወር ውስጥ በአዛዣቸው የሚለያዩ ሶስት አይነት ተቀናሾች አሉ። የ 30ኛው ቀን 25 እና የኤቲኤሟ 10 ባንኩ ራሱ በታሪፉ የወሰዳቸው ናቸው፣ እነሱን የምትቀንሱት አካውንት አይነት በመቀየር ወይ የራሳችሁን ባንክ ማሽን በመጠቀም ነው። የ 15ኛው 2,000 እናንተ ለባንኩ የሰጣችሁት ቋሚ ትእዛዝ ነው፣ መጠኑም ቀኑም እናንተ ያላችሁት ነው፣ ባንኩ ጋ ሄዳችሁ ወይ አፕ ላይ ትሰርዙታላችሁ ያልቃል። የ 5ኛው 250 ግን ሌላ ነው፣ እሱን የሚጎትተው ድርጅቱ ነው፣ የካርድ ቁጥራችሁን አንዴ ሰጥታችሁታል ፍቃድም ሰጥታችሁታል፣ ባንኩ የመጣለትን ጥያቄ ነው የሚያስተናግደው።

ለዛ ነው ሰብስክሪፕሽን መጀመሪያ የሚሰረዘው ድርጅቱ ጋ ነው የምንለው። ካርድ መቀየር ብቻውን ዋስትና አይደለም፣ ምክንያቱም ቪዛም ማስተርካርድም አዲሱን የካርድ መረጃ ለተመዘገቡ ነጋዴዎች የሚያሳውቁበት አሰራር አላቸው፣ የናንተ ባንክ እዛ ውስጥ ካለ ካርዱ ተቀይሮም ክፍያው ሊቀጥል ይችላል። ደሞ ክፍያው ቢቆምም ውሉ ስላልተሰረዘ ድርጅቱ እዳ አለብህ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ የሰረዛችሁበትን ማረጋገጫ ኢሜይል አትደምስሱት።

ተደጋጋሚ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ ካላችሁ፣ ስሙ አንድ ነው፣ ቀኑ ይቀራረባል፣ መጠኑ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው፣ በውጪ ምንዛሬ የሚከፈል ከሆነ ምንዛሬው ስለሚለዋወጥ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ አንዳንዴም ስሩ የምንዛሬ ኮሚሽን የሚል ሌላ ትንሽ መስመር ይከተለዋል። ቀኑ ደሞ ቅዳሜና እሁድ ላይ ወይ በዓል ላይ ከዋለ ወደ ቀጣዩ የስራ ቀን ሊገፋ ይችላል። ነፃ ሙከራ ብላችሁ የተመዘገባችሁበት ደግሞ መጀመሪያ ዜሮ ወይም በጣም ትንሽ ሆኖ ከዛ በሚቀጥለው ጊዜ በሙሉ ዋጋው ይመጣል። በጣም የሚያመልጠው ግን በዓመት አንዴ የሚቆረጠው ነው፣ የካርድ ዓመታዊ ክፍያ፣ የዓመት ሰብስክሪፕሽን ምናምን፣ ያንን ተደጋጋሚ መሆኑን በአንድ ወር ስቴትመንት አታውቁትም፣ የሁለት ዓመት አውጥታችሁ ስታዩ ነው ሁለቴ ብቅ የሚለው።

ያልተለመደ ነገር ስታዩስ? በምሳሌያችን ሶስት ቦታ አለ፣ ሶስቱም የተለያዩ ናቸው።

የ 12ኛው 1,340 ስሙን አታውቁትም። ገና አትጩሁ። መግለጫው ላይ የሚፃፈው የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው ስም ላይሆን ይችላል፣ ድርጅቱ የተመዘገበበት ስም ወይም ክፍያውን ያስተናገደለት ሌላ ካምፓኒ ስም ሊሆን ይችላል፣ ከጎኑ የተፃፈው ከተማም የዋናው መስሪያ ቤት ከተማ ሊሆን ይችላል እናንተ እግራችሁ ያልረገጠው። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ መጠኑን ተከተሉ፣ 1,340 የሚለውን ኢሜይላችሁ ላይና ኤስኤምኤስ ላይ ፈልጉ፣ ቀኑን ደግሞ ከ 12 ብቻ ሳይሆን ሶስት አራት ቀን ወደኋላም እዩ፣ ምክንያቱም ስቴትመንት ላይ ያለው ቀን ሂሳቡ የተመዘገበበት እንጂ የገዛችሁበት ቀን ላይሆን ይችላል። አንዳንድ ስቴትመንት ሁለት የቀን ኮለም ያለው ለዚህ ነው። ካርዱን ወይ አካውንቱን ሌላ የቤተሰብ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ እሱንም ጠይቁ። አብዛኛው "የማላውቀው ክፍያ" እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።

የ 19ኛው ሁለት ጊዜ 600 ደግሞ እንደዚህ አይነት ነው፣ ማሽኑ የመጀመሪያው ላይ አልተሳካም ብሎ ድጋሚ ካርዱን አስገቡ ተባላችሁ፣ ባንኩ ጋ ግን ሁለቱም አልፈዋል። የ 21ኛው ሪቨርሳል የሚለው የዚህ ማስተካከያ ነው፣ ባላንሱን እዩት፣ ከሁለተኛው 600 በፊት 9,200 ነበር አሁንም 9,200 ሆነ፣ ስለዚህ ተዘግቷል። ሪቨርሳሉ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ መጠኑና ሬፈረንስ ቁጥሩ ይረዳችኋል። ባይመጣ ኖሮስ? ሁለቱም መስመር የተለያየ ሬፈረንስ ቁጥር ካለው እውነትም ሁለት ክፍያ ነው፣ ደረሰኙን ይዛችሁ መጀመሪያ ነጋዴውን ከዛ ባንኩን ትጠይቃላችሁ። ሪፈንድ ማለት ግን ሌላ ነው፣ እቃ መልሳችሁ ነጋዴው በራሱ ፈቃድ የሚልከው ገንዘብ ነው፣ እሱ እንደ አዲስ ገቢ ይፃፋል፣ ቀናትም ይፈጃል።

እኔን የሚያሳስበኝ የ 25ኛዋ 5 ናት። ትልቁን 1,340 አይቶ የደነገጠ ሰው 5ን ሊያልፋት ይችላል፣ ግን የተሰረቀ የካርድ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ካርዱ እንደሚሰራ የሚሞክሩት በእንደዚህ አይነት ትንሽ መጠን ነው፣ ከሰራ ትልቁን ያስከትላሉ። በርግጥ ሁሌ ሌባ ላይሆን ይችላል፣ አንዳንድ ድርጅት ካርድ ስትመዘግቡ ለማረጋገጥ ትንሽ ነገር ቆርጦ ይመልሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በዛ ሰሞን የሆነ ቦታ ካርድ አስገብታችሁ እንደሆነ አስቡ። ካላስገባችሁ ሌላ ክፍያ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ካርዱን አፕ ላይ ዝጉት፣ ከዛ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ባንኩ ጋ ደውሉ፣ በጉግል ያገኛችሁት ቁጥር ላይ አይደለም። ቀኑን፣ መጠኑን፣ መግለጫው ላይ የተፃፈውን እንዳለ፣ ሬፈረንስ ቁጥሩን ትነግሯቸዋላችሁ፣ የቅሬታውን ቁጥር ትቀበላላችሁ። ፒንም ኤስኤምኤስ ላይ የመጣ ኮድም አይጠይቋችሁም፣ ከጠየቁ የምታወሩት ከባንኩ ጋር አይደለም። ካርድ ክፍያ ላይ ለመከራከር የጊዜ ገደብ አለ፣ ርዝመቱ እንደ ባንኩና እንደ ጉዳዩ ይለያያል፣ ስለዚህ ስትደውሉ እስከ መቼ ድረስ ፎርሙን ሞልታችሁ መስጠት እንዳለባችሁ በዛው ጠይቁ።