አይፒ ኮንፍሊክት ምንድን ነው? ራውተሩስ ምን አጠፋ?

«ዲኤችሲፒው ለሁለት ኮምፒውተር አንድ አይፒ ሰጠ፤ ራውተሩን ሪስታርት አድርጉት።» ይህን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ሁለቱን ጊዜ ዝም ብዬ አለፍኩ፤ አሁን ግን አልቻልኩም። የመጀመሪያው ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ችግሩን ሸፍኖ ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

አይፒ ኮንፍሊክት ማለት በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎች «192.168.1.57 እኔ ነኝ» ሲሉ ነው። በቃ። ቫይረስ አይደለም፣ የኢንተርኔት መዘግየትም አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሁለቱ ያንን ቁጥር ከየት አመጡት የሚለው ነው።

ወረፋ ያለበትን አዳራሽ አስቡ። በር ላይ አንድ ሰው ቁጥር እየቆረጠ ይሰጣል። ለማን ምን እንደሰጠ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ይህ ሰው ዲኤችሲፒ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ውስጥ ሆኖ ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለው። እሱ 57ን ለሁለት ሰው አይሰጥም፤ መዝገቡን ያያላ! ግን አንዱ በጓሮ ገብቶ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ በራሱ እስክሪብቶ 57 ብሎ ጽፎ ቢቀመጥስ? ቁጥር ሰጪው ስለዚህ ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። ተራው ሲደርስ 57ን ለሌላ ይሰጣል። «57!» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሰው ይነሳል። ጥፋቱ የማን ነው? የቁጥር ሰጪው አይደለም።

በእጅ የተጻፈ አይፒ፣ በተለምዶ ስታቲክ የምንለው፣ ያ ብጣሽ ወረቀት ነው። ስታቲክ መጠቀም በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ዲኤችሲፒው ከሚያድለው ሬንጅ ውስጥ ቁጥር መርጦ መጻፍ ነው።

«ታዲያ ዲኤችሲፒው ከመስጠቱ በፊት ፒንግ አድርጎ አያጣራም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቹ ያጣራሉ። ቁጥር ሰጪው ወረቀቱን ከመቁረጡ በፊት «57 የያዘ አለ?» ብሎ እንደ መጮህ ነው። ግን ባለ ብጣሽ ወረቀቱ ወጣ ብሎ ከሆነ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከሆነ፣ መልስ የለም። ጆሮውን ደፍኖ ከተቀመጠም መልስ የለም፤ ፋየርዎሉ ፒንግ የሚዘጋ ኮምፒውተር እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ በዊንዶውስ ሰርቨር ዲኤችሲፒ ላይ ይህ ማጣሪያ ሲመጣ ዜሮ ላይ ነው፤ ካላበራችሁት አይጮህም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጉዳይ። ሰሞኑን የተጠራሁበት አንድ ቢሮ ውስጥ ሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የኮንፍሊክት መልእክት አወጡ። አንደኛው የሂሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ኮምፒውተር ነው፤ ሌሎች የሚገቡበት ሼር ፎልደር አለበት። ሁለተኛው የአዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ ነው። «ትናንትና ሁሉም ደህና ነበር፣ ማንም ምንም አልነካም» ተባልኩ። ይህቺን ሁልጊዜ ይሏታል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሁለቱንም አለመንካት ነበር። ከሁለቱ አንዱን ሪስታርት ካደረጋችሁ ማስረጃው ይጠፋል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ዊንዶውስ ግጭት ሲያይ በ `Event Viewer` ሲስተም ሎግ ውስጥ በቁጥር 4199 ይመዘግበዋል። እዚያ ላይ የሌላኛው መሣሪያ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ አብሮ ተጽፏል። ሰው ሁሉ ብቅ የሚለውን መልእክት ዘግቶ ያልፋል እንጂ ግማሹ መልስ እዚያ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ያንን ከጻፍኩ በኋላ ከሦስተኛ ኮምፒውተር፣ እንደ አድሚን ሆኜ፣ ይህን ሁለት ሦስቴ ደጋገምኩ፦

```
arp -d 192.168.1.57
ping 192.168.1.57
arp -a
```

መጀመሪያ በ9e የሚያልቅ ማክ መጣ። ደግሜ ስሞክር በ41 የሚያልቅ። አንድ አይፒ፣ ሁለት ማክ፤ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ የለም። ፒንጉ መልስ ባያመጣ እንኳ የመጨረሻው ትእዛዝ ማኩን ያሳያል፤ ፋየርዎል ፒንግን ይዘጋል እንጂ ኤአርፒን፣ ማለትም «ይህ አይፒ በየትኛው ማክ ላይ ነው?» የሚለውን ጥያቄ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይዘጋም። «ፒንግ አደረግኩት፣ አልመለሰም፣ ስለዚህ ነፃ ነው» ብላችሁ አይፒ የምትመርጡ ሰዎች፣ እባካችሁ።

ቀጥሎ የራውተሩን የሊዝ ዝርዝር፣ ማለትም የትኛውን አይፒ ለማን ለስንት ጊዜ እንደሰጠ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩ። በ41 የሚያልቀው አለ፤ ላፕቶፑ ነው፣ ያን ዕለት ጠዋት ነው የተሰጠው። በ9e የሚያልቀው የለም። መዝገቡ ላይ የሌለው ነው ባለ ብጣሽ ወረቀቱ። ሂሳብ ክፍል ሄጄ `ipconfig /all` ስል `DHCP Enabled` የሚለው ፊት ለፊት `No` ይላል። እጅ ከፍንጅ!

ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ማኩ የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ የሚተዳደር ስዊች ካለ የማክ ሰንጠረዡ ፖርቱን ይነግራችኋል። ተራ ስዊች ከሆነ `ping -t` ከፍቶ ኬብል አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ደስ አይልም ግን ይሠራል። የማኩ ሁለተኛ ፊደል ወይም አኃዝ 2፣ 6፣ `A` ወይም `E` ከሆነ ደግሞ ሶፍትዌር የፈጠረው ነው፤ መጀመሪያ ስልኮችን ጠርጥሩ።

ግን ለምን ያን ዕለት? ኮምፒውተሩ ያንን አይፒ ይዞ ዓመታት ኖሯል። የራውተሩ ሬንጅ ደግሞ ከ2 እስከ 254 ነበር፣ ሲመጣ እንዳለው። 57 ሬንጁ መሀል ላይ ነው። እስካሁን ያዳናቸው የፒንግ ማጣሪያው ነው፤ ራውተሩ 57 ላይ በደረሰ ቁጥር ኮምፒውተሯ መልስ እየሰጠች ያልፈው ነበር። ቅዳሜ ግን ክፍሉ ሲጸዳ፣ ጠረጴዛ ሥር ካለችው ትንሽ ስዊች ወደ ዋናው የሚሄደው ኬብል ተነቀለ። ኮምፒውተሯ በርቶ ነው የከረመው። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑ መጣ፣ ራውተሩ «57 አለ?» ሲል መልስ የለም፣ ሰጠው። ረፋድ ላይ አንዱ የተነቀለውን ኬብል አይቶ መልሶ ሰካው። የኮምፒውተሯ ኬብል ግን ከትንሿ ስዊች አልተነቀለም። ስለዚህ ከኔትወርኩ መለየቷንም መመለሷንም አላወቀችም፤ «57 የያዘ አለ?» ብላ እንደ አዲስ አልጠየቀችም። ሁለቱም እኩል ባለቤት ነን ብለው ተገናኙ።

አሁን ወደ ሪስታርቱ። አንድ ኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ ሲገባ ቁጥሩን ሌላ ይዞት እንደሆነ ያጣራል፤ ይህ ከ2008 ጀምሮ አርኤፍሲ 5227 በሚባል የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ ላይ በዝርዝር የተጻፈ ነገር ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣው ነው የሚቀጣው። የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ሪስታርት ቢደረግ ቁጥሩ ተይዞ ያገኘዋል፣ አይፒው ጎን `Duplicate` የሚል ይጻፍበታል፣ 169.254 በሚጀምር አድራሻ ተገልሎ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ሪስታርት ቢደረግ ግን፣ 57 እንደተያዘ ሲያይ ለራውተሩ «ይሄን አልፈልግም» ብሎ ይመልስና ሌላ ቁጥር ይወስዳል። መልእክቱ ይጠፋል። ራውተሩ ሪስታርት ሲደረግም በእሱ ዋይፋይ ላይ ያለ ላፕቶፕ እንደ አዲስ ገብቶ ያንኑ ያደርጋል።

እና ባለሙያ ነኝ ባዩ «አላልኳችሁም?» ይላል።

ምንም አልተስተካከለም። ብጣሽ ወረቀቱ እዚያው ነው። ይባስ ብሎ ብዙ ትንንሽ ራውተሮች መዝገባቸውን የሚይዙት በጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሲጠፉ መዝገቡም ይጠፋል። ያኔ ቁጥር ሰጪያችን ባዶ ደብተር ይዞ፣ ሰው የሞላበት አዳራሽ በር ላይ ይቆማል። «ዲኤችሲፒው ለሁለት ሰጠ» የሚለው አባባል እውነት የሚሆንበት አንዱ አጋጣሚ ይህ ነው፤ ያመጣውም ሪስታርቱ ነው። ሌላው አጋጣሚ ሁለተኛ ቁጥር ሰጪ ነው። አንዱ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲጠነክርለት ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ይሰካል፣ የዚያም ዲኤችሲፒ በርቷል። ሁለት ሰዎች በሁለት በር አንድ ዓይነት ቁጥር ያድላሉ። ይህን ለመለየት በሁለቱም ኮምፒውተር `ipconfig /all` ላይ `DHCP Server` የሚለውን አስተያዩ። አድራሻው ከተለያየ እንግዳ አላችሁ። ሁለቱ ራውተሮች አንድ አድራሻ ይዘው ከመጡ ግን ይህ አያሳያችሁም፤ ያኔ የራውተሩን የራሱን ማክ ማየት ነው።

ማስተካከያው ሬንጁን ማጥበብ ነበር። ቢሮው 60 የሚሆኑ መሣሪያዎች አሉት። የሚታደለውን ከ100 እስከ 220 አደረግኩት፤ 121 ቁጥር ማለት ነው፣ ለስልኮችና ለእንግዶችም ይበቃል። ከ2 እስከ 99 በእጅ ለሚጻፉት ቀረ። 57 ከሬንጁ ወጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን አራግፎ ይሄዳል። ሬንጁ ሲቀየር ግን ቀድሞ የተሰጠው ቁጥር ወዲያው አይነጠቅም። ሊዙ 24 ሰዓት ከሆነ መሣሪያው እድሳት የሚጠይቀው ግማሹ ሲያልፍ፣ በ12ኛው ሰዓት ነው። እስከዚያ 30ን ወይም 44ን የያዘው ላፕቶፕ ይዞት ይቆያል። በዚያ መሀል 44ን «አሁንማ ነፃ ነው» ብላችሁ ለፕሪንተር ብትጽፉት አዲስ ኮንፍሊክት በእጃችሁ ፈጠራችሁ። እኔ ሬንጁን ከመቀየሬ በፊት ሊዙን ወደ 1 ሰዓት አሳጠርኩ፣ አንድ ቀን ጠበቅኩ፣ ከዚያ ቀየርኩ። ሁሉም ወደ አዲሱ ሬንጅ ሲገባ ሊዙን ወደ 24 ሰዓት መለስኩ።

የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር 57 ላይ ቀጠለ፣ ሼር ፎልደሩን ሰው ሁሉ በዚያ ቁጥር ስለሚያውቀው። ግን ስታቲኩን አንስቼ ራውተሩ ላይ በማኩ አስያዝኩለት። ያ ራውተር ከሬንጁ ውጭ ያለ ቁጥር ማስያዝ ይፈቅዳል፤ የማይፈቅዱም አሉ፣ እነሱ ላይ ወይ ስታቲኩን ትተዋላችሁ ወይ ከሬንጁ ውስጥ ታስይዛላችሁ። ስልክ ግን በማክ ለማስያዝ አትድከሙ፤ ለዋይፋይ የፈጠራ ማክ ስለሚጠቀም አንድ ቀን ሌላ ሆኖ ይመጣል።

በመጨረሻ የሊዝ ዝርዝሩን ከኤአርፒው ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። መዝገቡ የማያውቃቸው ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ተገኙ፣ ሁለቱም ፕሪንተሮች። አንደኛው 31 ላይ ነው፣ ችግር የለበትም። ሌላኛው 118 ላይ ነበር። ያን ዕለት ማታ ወደ 32 አወረድኩት።